በግቢ መካከል ያለ ጠርዝ

ሰበታ ገበያ፣ ድንች ሻጮች በሚደረደሩበት በኩል፣ አንዲትን ሴት ሰው እየሰማ «አጭበርባሪ!» ብዬ ሰድቤያለሁ። ሴትየዋ ግቢ በድንጋይ የምታነጥፍ ባለሙያ ናት። አጭበርባሪ አልነበረችም። አጭበርባሪው በእኔ ቤት፣ ከእኔ ገበታ የሚበላ ሰው ነበር። ነገሩ በመጣብኝ ቁጥር ዛሬም አፌ ይመረኛል።

ግቢያችን የገበሬ ግቢ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከውጭ በሩ እንደተገባ በስተቀኝ የከብት በረት ነበረን። ስንት ዘመን እበቱና ሽንቱ እዚያው ሲረገጥ፣ ሲታሽ ኖሯል። ባለቤቴ ሲሞት፣ መሬቱም በከተማው ሲዋጥ፣ ከብቶቹ ተሸጡ። ልጄ በረቱን አፈረሰና ከላዩ አፈር ደፋበት። እኛ ረሳነው፤ መሬቱ ግን አልረሳም።

ልጄ ቢሮ የሚሠራ፣ መኪና ያለው ሰው ነው። የሰበታ ጭቃ ደግሞ መረሬ ነው፤ ክረምት ከጫማ ጋር ተጣብቆ ሳሎን ድረስ ይገባል። የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ስትል «እንግዳ በጭቃ አይገባም፤ ግቢው ኮብልስቶን ይነጠፍ» አለ። ድንጋዩ በሱሉልታ በኩል ተጭኖ መጣ። አንጣፊዋ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከቡራዩ መጣች። አጭር፣ ጠንካራ፣ ጉልበቷ ላይ የመኪና ጎማ ቁራጭ ያሰረች ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ ስለምትውል ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሥራዋን አየሁ። እኔ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ከትምህርት የወጣሁት፤ ዓይኔ ግን አልተዘጋም። መጀመሪያ የላዩን አፈር ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ አስቆፈረች። ከዚያ ሰሌክት የሚሉትን ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር በየተራ እየደፋች፣ ውሃ እያርከፈከፈች፣ በሚንቀጠቀጠው ማሽን አስጠቀጠቀች። ውሃው ከቤቱ ወደ በሩ እንዲሄድ ገመድ ወጥራ ዝቅታውን ለካች። አሸዋው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ቧንቧ መሬት ላይ አጋድማ፣ አሸዋውን በቀጥ ያለ ጣውላ ላጨችው። ሲያልቅ ስስ ሆነብኝ።

«ምነው አሸዋውን ቆጠብሽው? ጨምሪበት እንጂ! እኛ ሰስተን አላመጣን» አልኳት።

ሳቀችና ሦስት ጣቷን ገጥማ አሸዋው ውስጥ በጎን አስገባች። የሦስት ጣት ወርድ ነው፤ ከላዩ ምንም አልተረፈም።

«ይኸው ነው እማማ። አሸዋ ፍራሽ አይደለም። ድንጋዩን እኩል ለማስቀመጥ ብቻ ነው። ሲበዛ ድንጋዩ ይዋኛል።»

«ድንጋይ ይዋኛል!» ብዬ አሾፍኩባት።

«መኪና ይምጣበትና ያዩታል።»

ጠርዝ ላይ ስትደርስ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ከግድግዳው ሥር የቀረው ክፍተት ጠባብ ነበር፤ የድንጋይ ፍንካች ብትሸጉጥበት ይሞላል። አንዱ ጓደኛዋ ሊሸጉጥ ሲል እጁን መታ አደረገችው። ያስቀመጠችውን ሙሉ ድንጋይ መልሳ ነቀለች፤ ከዚያ ክፍተቱን በሁለት ድንጋይ አካፈለችው። ሁለቱንም በመሮና በመዶሻ ጠርባ፣ ከግማሽ የሚበልጡ አድርጋ አስገባቻቸው።

«ከሲሶ ያነሰ ቁራጭ ጠርዝ ላይ አላስቀምጥም» አለችኝ። «ትንሽ ነገር ክብደት የለውም፤ አንድ ክረምት ሳይሞላው ሾልኮ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ጎረቤቱም ይከተላል።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቼ፣ በዓይኔ አይቼ ነው እንግዲህ በኋላ ገበያ ላይ የሰደብኳት። ይህ ነው የሚያስጠላኝ።

በአራተኛው ቀን እህቴ ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች ተባለና ላስታምማት ሱሉልታ ሄድኩ። አሥራ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል። አንጣፊዋ ጨርሳ ሄዳለች። በድንጋዮቹ መካከል እንዲገባ የተበተነው አሸዋ ገና አልተጠረገም፤ በተለይ በበሩ በኩል ወፍራም ነበር። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ በጫማሽ ግቢ እንግዲህ!» አለኝ። ደስ አለኝ። ምርቃቱም በደንብ አለፈ።

ክረምት ገባ። በሐምሌ አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ መኪናው በሚቆምበት በበሩ በኩል ሁለት ቦይ ተቆፍሮ አየሁ። ጎማው የቆመበት ሁሉ ሰምጧል። ድንጋዮቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች አፍጥጠዋል። ከመካከላቸው ጥቁር ውሃ ይመነጫል። ሽታው! ያደረ የበረት ሽንት ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ። ዝንብ ሰፍሮበታል። መጋረጃ ዘግተን ቁርስ ብንበላም ሽታው እንጀራው ላይ ያለ መሰለኝ።

ጎረቤቴ፣ የባለቤቴ የእርሻ ጓደኛ የነበሩት ሽማግሌ፣ በዱላቸው ተደግፈው ገቡ። የጠዋት ሰላምታቸውን፣ «አካም ቡልተን»ን፣ ሳይሉ አፍንጫቸውን ያዙ።

«አዴ፣ ላሞቹ ተመልሰው መጡ እንዴ?»

«አይሳቁብኝ ኦቦ።»

«አልሳቅሁም። በድምፅ ባላውቃቸው በጠረናቸው አውቃቸዋለሁ።»

ይህን ብለው ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ፣ የሰመጠው ከቀረው ግቢ ጋር በሚለያይበት ቦታ እግራቸውን እንቅፋት መታቸው። እዚያ ላይ አንድ ደረጃ የመሰለ ነገር ወጥቶ ነበር። ክንዳቸውን ባልይዝ ኖሮ ይወድቁ ነበር። ያን ቀን ያን ደረጃ አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ልጄ ተቆጣ። «ያቺ ሴት ጉድ ሠራችኝ! ገንዘቤን በልታ ሄደች» እያለ ስልክ ላይ ለሰው ሁሉ አወራ። እኔም አመንኩት። ልጄ ነዋ።

በዚያው ወር እድራችን የድንኳንና የድስት ማስቀመጫውን ቤት ግቢ ሊያስነጥፍ ተነሣ። አንጣፊዋ ከጓደኞቿ ጋር ሥራውን ልትይዝ አመልክታ ነበር። ትልቅ ግቢ ነው። ለሷ ክረምቱን የሚያሻግራት ሥራ ነበር፤ ከዚያም በላይ፣ የእድር ግቢ ሰው ሁሉ የሚያየው ስለሆነ ስም ነው። ልጄ የእድሩ ጸሐፊ ነው። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ «የእኔን ግቢ ያየ ይፍረድ። ለሷ ሰጥተን የለቅሶ እንግዳ እግሩን እንዲሰብር ነው?» አለ።

ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ጋሼ፣ በበሩ በኩል ያለውን እኔ አላነጠፍኩም» አለች።

«ታዲያ ማን አነጠፈው? የፉሪ ተራራ ጅብ ወርዶ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ያን ሳቄን ባስበው ከራሴ አፍ የወጣ አይመስለኝም። ሴትየዋ ዞራ ሄደች። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተላለፈ፤ ሁሉም ግን ሥራው ለሌላ እንደተሰጠ ቆጠረው።

ከሳምንት በኋላ ነው ገበያ ያገኘኋት። ሽንኩርት እየመረጠች ነበር።

«አንቺ! የልጄን ግቢ አሸዋ ቀብረሽበት ሄድሽ፤ አሁን ደግሞ የእድር ግቢ አማረሽ? አጭበርባሪ!»

ድንች ሻጯ ሚዛኗን ትታ ቀና አለች። «እሰይ እማማ፣ ይንገሯት!» አለች፤ ነገሩን ሳታውቀው።

አንጣፊዋ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። ፊቷ ቀልቷል፤ ድምፅዋን ግን አልጨመረችም።

«እማማ፣ ሦስቱን ጣት ያሳየሁት ለማን ነው?»

«ጣትሽን ለሌላ አሳዪ!»

«እሺ፣ ይስደቡኝ። ቤትዎ ሲገቡ ግን ጠርዙን ይዩልኝ። ጠርዝ የሚሠራው ሥራ የሚያልቅበት ላይ ነው። ግድግዳ ሥር ይሠራል፣ በር ሥር ይሠራል። የእኔ ሥራ የት ላይ እንዳለቀ ጠርዙን ይጠይቁት።» ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች፤ ሽንኩርቱን አልገዛችም።

መንገዱን ሁሉ ተናድጄ ነው የመጣሁት። ምን ጠርዝ አለ? ግቢ እንደገባሁ ግን ዓይኔ በራሱ ወደዚያ ሄደ፤ ጎረቤቴን እንቅፋት ወደመታቸው ደረጃ። መጥረጊያ አምጥቼ ጭቃውን ጠረግሁት። በግቢው መካከል፣ ከግራ አጥር እስከ ቀኝ ግድግዳ፣ እንደ ወጠረችው ገመድ ቀጥ ያለ የድንጋይ ረድፍ ወጣ። ሥሩ በሲሚንቶ ተይዟል። በቤቱ በኩል ያሉት ድንጋዮች እሱ ላይ ሲደርሱ ተጠርበዋል፤ አንዱም ከግማሽ አያንስ፣ በመካከላቸው ቢላ አይገባም። አልሰመጡም፤ አልተነቃነቁም። ጠርዝ ነው። በግቢ መካከል ጠርዝ ምን ይሠራል?

ከዚያ ወዲህ፣ በበሩ በኩል፣ ሌላ እጅ ነው። ከረድፉ ጋር የሚገናኘው ክፍተት በፍንካች ተሸጉጧል፤ እንደተሰበረ ጥርስ የሾለ፣ ከጣቴ ጫፍ ያነሰ። ላዩ ላይ ሲሚንቶ ተቀብቶበታል፤ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ ፍንካቾቹ ሾልከው ወጥተዋል። ከመጥረጊያው ጋር ሦስቱ መጡልኝ።

ጎረቤቴን ጠራሁ። ዲጂኖ ይዘው መጡ።

«ላሞቹን ልታወጪ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ዛሬ ላወጣቸው ነው።»

መጀመሪያ ከቤቱ በኩል አንድ ድንጋይ አስነቀልኩ። አልወጣም ብሎ ታገላቸው። ሲወጣ ሦስት ጣቴን በጎን አስገባሁ፤ ልክ ነው። ከሥሩ ሰሌክቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከዚያ ወደ በሩ በኩል ተሻገርን። ድንጋዩ ዲጂኖው ሲነካው ብቻ ተንጋለለ። እጄን አስገባሁ። ጣቴ ገባ፤ መዳፌ ገባ፤ አንጓዬ አለፈ። አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ። ክርኔ አካባቢ ስደርስ ጣቶቼ ከአሸዋው ሥር የለሰለሰ ነገር ነኩ። ስስበው ክንዴ በጥቁር አተላ ተለውሷል። የበረቱ እበት ነው፤ ማንም አልቆፈረውም። እዚያው አጥሩ ሥር አስመለሰኝ።

ጎረቤቴ ለአፌ መጉመጥመጫ ውሃ አፈሰሱልኝ። በኋላ ነው የተናገሩት። አንቺ ሱሉልታ ሳለሽ ሴትየዋ ለልጅሽ ስትነግረው ሰምቻለሁ አሉኝ። እበቱ በሙሉ ወጥቶ በሰሌክት ካልተተካ አልሠራም ብላለች። ሦስት ቀን ይጨምሩልኝ ብላለች። እሱ ምርቃቱ ደርሷል፣ ጊዜ የለኝም፣ አሸዋ ሙይበትና ድንጋዩን ደርድሪ አላት። አሻፈረኝ ብላ እዚያው ላይ ጠርዟን ሠርታ ሄደች። በማግሥቱ እሱና የግቢያችሁ ዘበኛ የተረፈውን አሸዋና ድንጋይ ሲደፉ ዋሉ።

«ታዲያ እድር ላይ ምነው ዝም አሉ?»

መሬት መሬት አዩ። «ልጅሽ ነው ብዬ፤ ጎረቤትነታችንን ብዬ።»

ሁሉም ለአንድ ነገር ብሎ ዝም ይላል። ለሷ ብሎ የተናገረ ማን አለ?

ልጄ ማታ መኪናውን ይዞ ሲገባ በተነቀለው ጉድጓድ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ክንዴን አልታጠብኩም ነበር፤ ሆን ብዬ። ጥቁሩ ደርቆበታል።

«ምን ሆነሽ ነው እማዬ? ይህ ምንድን ነው?»

«ያንተ ሥራ ነው። አሽትተው።»

አየው፤ አወቀው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እሺ፣ ተሳሳትኩ። እንግዳ እየመጣ ምን ላድርግ? ግን ሰው ሲጠይቀኝ ራሴ ነኝ ያበላሸሁት ልበል? እሷ ድንጋይ አንጣፊ ናት፤ ሌላ ግቢ አታጣም።»

«ድንጋይ አንጣፊ ናት» ያለበትን አፍ አየሁት። እኔ ያጠባሁት አፍ ነው። የክንዴ ሽታ የተሻለ መሰለኝ።

«እድር ላይ ነው የዋሸኸው፤ እድር ላይ ትመልሰዋለህ» አልኩት።

«በጎን ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

«በጎን ነው የሰደብካት? አዳራሽ ሙሉ ሰው አስቀህባት የለም?»

እስከ ስብሰባው ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ያን ጉድጓድ እንዳይከድኑት ዘበኛውን አስጠነቀቅሁት። ለአንጣፊዋም ጎረቤቴ ራሳቸው ቡራዩ ድረስ ሄደው «በስብሰባው ቀን ነይ» ብለው መጡ። ያችን መንገድ ዕዳቸው አድርገው ነው የሄዱት።

በስብሰባው ቀን የእድሩ ዳኛ ስብሰባውን ገና ሳይከፍቱ ተነሣሁ። «የእድሩ ግቢ ከመወሰኑ በፊት ሁላችሁም እቤቴ ትመጣላችሁ። ሁለት በር ማለፍ ነው» አልኩ። ዳኛው አጉረመረሙ፤ የቤት ጉዳይ በቤት ይለቅ አሉ። «የቤት ጉዳይ ያደረገው ማነው? እዚህ አምጥቶ የዘረገፈው ጸሐፊያችሁ ነው» አልኳቸው። ሃያ ምናምን ሰው ተከትሎኝ መጣ። አንጣፊዋም ከኋላ መጣች።

ረድፉን አሳየኋቸው። የተጠረበውን ከወዲያ፣ ፍንካቹን ከወዲህ። ከዚያ ዳኛውን «እጅጌዎን ይሰብስቡ» አልኳቸው።

«እኔ?»

«እርስዎ ነዎት የሚፈርዱት።»

ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። እስከ አንጓቸው አስገብተው «በቃ፣ በቃ» እያሉ ሊያወጡ ሲሉ «ገና ነው፣ ታች ይውረዱ» አልኳቸው። ሲያወጡት ከኋላ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። አንዷ «የጅቡ ጉድጓድ ይህ ነው?» አለች። ማንም አልሳቀም።

ልጄ ግንባሩን አላበው። «ዘበኛው ነው…» ብሎ ጀመረ።

አንጣፊዋ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። «ጋሼ፣ አሸዋ ሙይበት ያሉኝ ዘበኛው ናቸው?»

ወደ ጉድጓዱ አቀረቀረ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አልኩት።

«እኔ ነኝ ያስደፋሁት! እሷ አይደለችም!»

እዚያው ግቢያችን ውስጥ ቆመው የእድሩን ሥራ ለሷ ወሰኑ። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ዳኛው እጃቸውን ሲታጠቡ «መቼም ልጅ ነው፣ ይሳሳታል» ይሉ ነበር። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ሌላው ደግሞ «እናት ልጇን እንዲህ ታዋርዳለች?» ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ሴትየዋ ለአንድ ወር ስትዋረድ የት ነበር?

እኔም ያለብኝን አደረግሁ። በገበያው ቀን፣ ያው ድንች ሻጯ ፊት፣ አንጣፊዋ እስክትመጣ ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኋት። «አጭበርባሪ ያልኩሽ ውሸት ነው። ይቅር በይኝ» አልኳት፤ ያኔ በጮኽኩት ልክ ጮኼ። ድንች ሻጯ ዛሬም ነገሩን ሳታውቅ «እሰይ» አለች። አንጣፊዋ «ይቅር ይበለን እማማ» ብላ ጉልበቴን ልትነካ ጎንበስ አለች፤ እኔ ቀድሜ ያዝኳት። ሰላም ትለኛለች፤ ታከብረኛለች። እቤቴ ግን ቁጭ ብላ ውሃ ጠጥታ አታውቅም። አልፈርድባትም።

የእኛን ግቢ መልሳ ልትሠራ የተስማማችው የእድሩን ከጨረሰች በኋላ፣ መስከረም ካለፈ ነው። እኔ አንድ ነገር አልኩ፤ እበቱን ልጄ ራሱ በእጁ ይቆፍራል። በሦስት ቅዳሜ ቆፈረው። በቦቲ ጫማ፣ አፍንጫው ላይ መሐረብ አስሮ፣ እያቅለሸለሸው። እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ ጉድጓዱ ወገቡን ዋጠው። ሰሌክቱ በየተራ ተደፋ፤ ተጠቀጠቀ። አሸዋው ሲላጭ አንጣፊዋ ሦስት ጣቷን አስገባችና ወደኔ ቀና አለች። እኔም ተነሥቼ ሦስት ጣቴን አስገባሁ። ልክ ነበር።

ከዚያ መሮዋን አንሥታ የመካከሉን ጠርዝ ልትነቅል ጎንበስ አለች፤ አሁን ሥራው ስለሚገናኝ አያስፈልግም።

«ተይው» አልኳት።

«እማማ፣ ግቢ መካከል እኮ ያስጠላል።»

«ያስጥላ።»

ልጄ ቆሞ ይሰማ ነበር። ድንጋዮቿን ከወዲህም እየጠረበች፣ አንድም ፍንካች ሳታስገባ፣ እስከ ረድፉ ድረስ አመጣቻቸው። አሁን ግቢያችን እኩል ነው፤ ውሃ አይቋጥርም፤ ሽታም የለም። መስመሩ ግን ከአጥር እስከ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ አልመልስም። ወደ ልጄ እያየሁ «እሱን ጠይቁት» እላለሁ።